የመስሚያ መሣሪያ፦ ከመግዛትዎ በፊትና ጆሮዎ ላይ ካደረጉት በኋላ

ከውጭ አገር የመጣ ልጅ ለእናቱ ከሚያመጣቸው ስጦታዎች መካከል አንዳንዴ አንዲት ትንሽ ሣጥን ትገኛለች። ውስጧ ሁለት የመስሚያ መሣሪያዎች አሉ። እናት ደስ ብሏቸው ያደርጓቸዋል። በሁለተኛው ቀን ጆሯቸውን ያሳክካቸዋል፤ በሦስተኛው ቀን መሣሪያው ያፏጫል፤ ሳምንት ሳይሞላ “ጫጫታውን ነው እንጂ ሰውን አልሰማሁበትም” ብለው ወደ ሣጥኑ ይመልሷቸዋል። ሣጥኑም ከኮመዲኖው መሳቢያ ሳይወጣ ይከርማል።

አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያው ተበላሽቶ አይደለም። ወይ ቅርጹና ጉልበቱ ለእሳቸው ጆሮ አልተመረጠም፤ ወይ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዴት እንደሚያልፉ አስቀድሞ የነገራቸው የለም። የሚከተሉት ደረጃዎች ሁለቱንም ለማስተካከል ናቸው። ነገሩ በደፈናው እንዳይቀር አንዲት የ66 ዓመት ጡረተኛ መምህርት በምሳሌነት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብረውን ይዘልቃሉ። ቤተሰቡ ሲሰበሰብ ቴሌቪዥን ያስጮኻሉ፤ በስልክ ቁጥር ሲነገራቸው ይሳሳታሉ፤ የልጅ ልጃቸው ስትናገር “ምን አልሽ?” ይላሉ፤ ወፍራም ድምፅ ያለውን ወንድማቸውን ግን ደህና አድርገው ይሰሙታል።

1. መጀመሪያ ጆሮው በሐኪም ይታይ

ስለ መሣሪያ ከማሰብዎ በፊት የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም የጆሮዎን ውስጥ ማየት አለበት። ኩክ ቀዳዳውን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶት ከሆነ ችግሩ ኩኩን በማስወጣት ብቻ ሊፈታ ይችላል። ኩክ እያለ የተደረገ የመስማት ምርመራም የተሳሳተ ውጤት ይሰጣል።

ጆሮዎ የሚመግል ከሆነ መጀመሪያ ይታከም። መሣሪያው ቀዳዳውን ሲዘጋው እርጥበቱ ይታፈናል፣ ምገላውም ይብሳል፤ መግሉ ደግሞ የመሣሪያውን ስፒከር ይደፍነዋል። ታክሞም የማይደርቅ ከሆነ ድምፅን በጆሮ ቀዳዳ ሳይሆን በራስ ቅል አጥንት በኩል የሚያሳልፍ መሣሪያ ስላለ ሐኪሙን ስለ እሱ ይጠይቁ።

አንዳንድ ምልክቶች ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቁም። መስማትዎ በአንድ ቀን ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ድንገት ከቀነሰ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ መድኃኒቱ የሚሠራው ቶሎ ሲጀመር ነውና ሳምንታት ካለፉ የመዳን ዕድሉ ይጠባል። አንድ ጆሮ ብቻ የደከመ፣ ራስ የሚያዞር፣ የሚያም ወይም የሚደማ ከሆነም መሣሪያ ሻጭ ሳይሆን ሐኪም ይቅደም።

2. የምርመራ ወረቀቱን ማንበብ ይልመዱ

ኦዲዮሎጂስቱ ጸጥ ባለች ክፍል አስቀምጦ ማዳመጫ ያደርግልዎታል፤ ድምፅ በሰሙ ቁጥር ቁልፍ ይጫናሉ ወይም እጅ ያነሳሉ። ውጤቱ ኦዲዮግራም በሚባል ወረቀት ላይ ይሰፍራል። ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ ድምፁ ከወፍራም ወደ ቀጭን ይለወጣል፤ ከ250 ኸርዝ ይጀምርና 8000 ላይ ያበቃል። ወደ ታች ሲወርድ ደግሞ ያ ድምፅ እንዲሰማ ምን ያህል መጉላት እንዳለበት በዴሲቤል ያሳያል። ነጥቡ ወደ ታች በወረደ ቁጥር መስማቱ ደክሟል ማለት ነው። ቀይ ክብ የቀኝ ጆሮ፣ ሰማያዊ የኤክስ ምልክት የግራ ጆሮ ነው።

የመምህርቷ ቀኝ ጆሮ በ500 ኸርዝ 30፣ በ1000 40፣ በ2000 55፣ በ4000 ደግሞ 70 ዴሲቤል ነው። የአራቱ አማካይ 49 ገደማ ይሆናል። የግራው ጆሮም ለዚህ በጣም የቀረበ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት አመዳደብ በተሻለው ጆሮ ከ20 እስከ 35 ቀላል፣ እስከ 50 መካከለኛ፣ እስከ 65 ከመካከለኛ የባሰ፣ እስከ 80 ከባድ፣ እስከ 95 በጣም ከባድ ይባላል። ስለዚህ የእሳቸው “መካከለኛ” ከሚባለው ጠርዝ ላይ ነው።

ከአማካዩ ይልቅ ግን ነገሩን የሚፈታው የመስመሩ ማዘቅዘቅ ነው። በወፍራሙ በኩል 30፣ በቀጭኑ በኩል 70 ነው። የአማርኛ አናባቢዎች ጉልበታቸው በወፍራሙ ድምፅ ላይ ነው፤ ስ፣ ሽ፣ ፍ፣ ጽ ግን ቀጭንና ደካማ ድምፆች ናቸው። ስለዚህ መምህርቷ ንግግሩን ይሰሙታል፣ ቃሉ ግን ይምታታባቸዋል። “ሠራ” ይሁን “ፈራ”፣ “ሰማ” ይሁን “ሸማ” የሚለየው ፊደል እሳቸው ዘንድ አይደርስም። “እሰማለሁ፣ ግን አይገባኝም” የሚለው የብዙ አዛውንቶች ቅሬታ ምንጩ ይህ ነው። ቤተሰቡ “የምትፈልገውን ብቻ ነው የምትሰማው” ሲላቸው ያላግባብ ይከሳቸዋል።

ከመውጣትዎ በፊት የወረቀቱን ቅጂ ይቀበሉ። አንድ ተጨማሪ ነገርም ይጠይቁ፦ ድምፁ በሚመችዎ መጠን ተጎልቶ ከተነገሩዎት ቃላት ስንቱን በትክክል ደገሙ? ከአሥሩ ዘጠኙን ከደገሙ ከመሣሪያው ብዙ ሊጠብቁ ይችላሉ። ከአሥሩ አምስቱን ብቻ ከሆነ መሣሪያው ይረዳል እንጂ ጎድሎ የቀረውን ግልጽነት አይመልስም፤ ይህን ገንዘብ ከመክፈል በፊት ማወቅ ይሻላል።

3. ቅርጹን ለጆሮዎና ለጣትዎ ይምረጡ

ገዢዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት “የማይታየው አለ?” ብለው ነው። ጥያቄው የሚጠበቅ ነው፣ ነውርም የለበትም። ነገር ግን ቅርጽ መልክ ብቻ አይደለም፤ ባትሪውን፣ ጉልበቱን፣ የኩክ ችግሩንና በጣት የመያዝ ምቾቱን አብሮ ይወስናል።

ከጆሮ ጀርባ የሚቀመጠው ዋነኛው ዓይነት ነው። አካሉ ከጀርባ ሆኖ ድምፁን በላስቲክ ቱቦ አድርጎ በጆሮዎ ልክ ወደ ተቀረጸ መግጠሚያ ይልካል። ለቀላልም ለከባድም ችግር የሚሆን አለ፤ ጠንካራ ነው፤ ለማጽዳት ይመቻል። ለሕፃናት የሚመረጠውም እሱ ነው። ጆሯቸው ሲያድግ የሚቀየረው መግጠሚያው ብቻ ነውና።

ሁለተኛው እንዲሁ ከጆሮ ጀርባ ይቀመጣል፤ ነገር ግን ስፒከሩ ከአካሉ ወጥቶ በቀጭን ሽቦ ጫፍ ጆሮ ውስጥ ይገባል። ጫፉ ላይ ለስላሳ የሲሊኮን ቆብ አለ። ትንሽ ነው፣ ብዙም አይታይም። ጉዳቱ ስፒከሩ ኩክ ካለበት ቦታ መቀመጡ ነው፤ ስለዚህ ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ የኩክ ማጣሪያ በየጊዜው መቀየር ግድ ይላል።

ሦስተኛው ሙሉ በሙሉ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ነው። ከእነዚህ ትንሹ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ይሰወራል። ለዚህ መሰወር የሚከፈለው ዋጋ ግን አለ፦ ባትሪው ከሩዝ ፍሬ እምብዛም የማይበልጥ ስለሆነ በጥቂት ቀናት ያልቃል፤ ጉልበቱ ውስን ነው፤ ኩክ ይደፍነዋል፤ ሁለት ማይክሮፎን የሚይዝበት ቦታ ስለሌለው በጫጫታ ውስጥ ከፊት ያለውን ሰው ለይቶ ማጉላት አይችልም። ለሚመግል ጆሮ ደግሞ ጨርሶ አይሆንም። ደረት ላይ ተንጠልጥሎ በሽቦ ጆሮ የሚገባው የኪስ ዓይነትም አለ። ልብስ ሲነካው ይንኮሻኮሻል፤ ቢሆንም ቁልፎቹ ትልልቅ ስለሆኑ ጣታቸው ለደነዘዘ ሰዎች አሁንም ያገለግላል።

ሱቁ ውስጥ አንድ ፈተና ያድርጉ፦ መሣሪያውን ራስዎ ያስገቡ፣ ያውጡ፣ ባትሪውን ይቀይሩ። ሻጩ ወይም ልጅዎ አይርዳዎት። ሦስት ጊዜ ሞክረው ካልሆነልዎ ያ ቅርጽ የእርስዎ አይደለም፤ ቤት ሄደው ብቻዎን ሲሆኑ የሚሆነው ይኸው ነውና።

በቻርጅ የሚሠራ ይሁን ወይስ በሚቀየር ባትሪ? ቻርጁ ለደነዘዘ ጣት ግልግል ነው፤ ሌሊት ሙሉ ተሰክቶ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ነገር ግን መብራት በሚጠፋበት ሰፈር የሚኖሩ ከሆነ የራሱ ባትሪ ያለው የቻርጅ ሣጥን ይምረጡ፤ ካልሆነ በሚቀየር ባትሪ የሚሠራው ይሻላል። የሚቀየሩት ባትሪዎች በቁጥርና በቀለም ይለያሉ፤ 10 ቢጫ፣ 312 ቡናማ፣ 13 ብርቱካናማ፣ 675 ሰማያዊ ነው። የሚሠሩት አየር ሲያገኙ ስለሆነ ቀለም ያለው ልጥፍ አንዴ ከተነሳ በኋላ መልሶ ቢለጥፉትም ባትሪው መድከሙን አይተውም። ልጥፉን ካነሱ በኋላ አንድ ደቂቃ ያህል አየር እንዲያገኝ ይተዉትና ያስገቡት።

4. ጉልበቱን ከወረቀቱ ያስወጡ

ለመነሻ የሚያገለግል የቆየ ስሌት አለ፦ መሣሪያው ማጉላት ያለበት የጎደለውን ግማሽ ያህል ነው። የመምህርቷ ጆሮ በ4000 ኸርዝ 70 ጎድሎታል፤ ስለዚህ እዚያ 35 ገደማ፣ በ500 ኸርዝ ደግሞ 15 ገደማ ይጎላል። የዛሬዎቹ መሣሪያዎች ስሌት ከዚህ የረቀቀ ቢሆንም መነሻ ሐሳቡ ይኸው ነው።

ለምን ሙሉውን 70 አይጎላም? የደከመ ጆሮ ደካማውን ድምፅ አይሰማም፤ ጩኸቱ ግን እንደ ጤነኛ ጆሮ ያመዋል። በየቤቱ የታወቀ ነገር ነው፤ ቀስ ብለው ሲናገሯቸው “አልሰማሁም” ይላሉ፣ ከፍ ሲያደርጉ “ምን ያስጮህሃል?” ብለው ይቆጣሉ። ሁለቱም እውነት ነው። በ“አልሰማሁም” እና በ“አመመኝ” መካከል ያለው ቦታ ጠቧል፤ የመሣሪያው ሥራ ንግግርን በዚያች ጠባብ ቦታ ውስጥ ማስገባት ነው።

ከገበያ በርካሽ የሚገዛ ተራ ድምፅ ማጉያ ለምን እንደማይረዳም ከዚሁ ይታያል። እሱ ወፍራሙንም ቀጭኑንም እኩል ያጎላል። ለመምህርቷ ሁሉንም በ30 ቢያነሳላቸው የመኪናው ግምታና የበሩ ድብደባ ጆሯቸውን ይደበድበዋል፤ “ስ” ግን አሁንም በቂ አይሆንም።

ለመምህርቷ የሚስማማው ስፒከሩ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ዓይነት ነው፤ መካከለኛ ጉልበት ያለው ስፒከርና ቀዳዳ ያለው ለስላሳ ቆብ ይኖረዋል። ወፍራሙን ድምፅ ራሳቸው ስለሚሰሙ ቀዳዳው ያን በተፈጥሮው ያስገባል። ወንድማቸው በሁሉም ድምፅ 75 ጎድሎት ቢሆን ኖሮ ግን ይህ መሣሪያ ምንም አያደርግለትም። እሱ የሚያስፈልገው ከጆሮ ጀርባ የሚቀመጥ ኃይለኛ መሣሪያ፣ ትልቅ ባትሪና ጆሮውን አጥብቆ የሚዘጋ መግጠሚያ ነው። የተጎላው ድምፅ በክፍተት አምልጦ ተመልሶ ማይክሮፎኑ ውስጥ ሲገባ ያፏጫልና፣ ጉልበቱ በጨመረ ቁጥር መግጠሚያው መጥበቅ አለበት።

እዚህ ላይ ሁለት ስህተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው የሞተ ወይም ያልተጠቀመበት ዘመድ መሣሪያን እንዲሁ ማድረግ ነው፤ ለከባድ ችግር የተስተካከለ ኃይለኛ መሣሪያ በቀላል ችግር ላይ ቢደረግ የቀረውን መስማት ሊጎዳ ይችላል። ሁለተኛው ሁለቱም ጆሮ ደክሞ ሳለ ለአንዱ ብቻ መግዛት ነው። ድምፅ ከየት እንደመጣ መለየትና በጫጫታ ውስጥ መስማት የሁለት ጆሮ ሥራ ነው። አቅም የሚፈቅደው ለአንድ ብቻ ከሆነ የትኛው ጆሮ እንደሚሻል ኦዲዮሎጂስቱ ከቃላት ፈተናው ያያል።

5. ከውጭ የሚላክ ከሆነ

ከጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ የመስሚያ መሣሪያ ያለ ምርመራና ያለ ማዘዣ ይሸጣል። የተፈቀደው ግን ዕድሜያቸው 18 ለሞላና ችግራቸው ቀላል ወይም መካከለኛ ለመሰላቸው ሰዎች ብቻ ነው። ለመምህርቷ ጠርዝ ላይ ሆኖ ምናልባት ሊረዳ ይችላል፤ በሁሉም ድምፅ 75 ለጎደለው ሰው ግን አይሆንም። ለሕፃን ደግሞ ጨርሶ አይላክ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ። መጀመሪያ እናት እዚህ ይመርመሩ፤ የኦዲዮግራሙ ፎቶ ለልጅ ይላክ፤ ከዚያ እዚህ ያለው ክሊኒክ የየትኛውን አምራች መሣሪያ ማስተካከል እንደሚችል ይጠየቅ። እያንዳንዱ አምራች የራሱ ሶፍትዌር አለው፤ አንዳንድ ሻጮች ደግሞ ሌላ ክሊኒክ እንዳይነካው ቆልፈው ይሸጣሉ። የተቆለፈ መሣሪያ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ምንም ያህል ውድ ቢሆን የሚያስተካክለው አይገኝም። የሚላከውም መሣሪያው ብቻ አይሁን፤ መለዋወጫ ቆቦች፣ የኩክ ማጣሪያዎችና በልኩ የሆኑ ባትሪዎች አብረው ይላኩ።

6. የመግጠሚያው ቀን

መግጠሚያ የሚቀረጽልዎ ከሆነ ባለሙያው መጀመሪያ ክር የታሰረባት ትንሽ ስፖንጅ ጆሮዎ ውስጥ ያስገባል፤ ከዚያ ለስላሳ ሲሊኮን ይሞላና ለጥቂት ደቂቃዎች እስኪጠነክር ይጠብቃል። ስፖንጇ ሲሊኮኑ ታምቡሩ ጋ እንዳይደርስ ትከላከላለች፤ ስለዚህ እሷ ሳትገባ የሚቀርጽ ካለ ያስቁሙት።

መሣሪያው ሲስተካከል አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ “ጆሮዬ ውስጥ ይለካል?” የተሟላ ክሊኒክ ቀጭን ቱቦ ጆሮ ውስጥ አስገብቶ መሣሪያው በእርስዎ ጆሮ ውስጥ የሚያወጣውን ድምፅ ይለካል። ኮምፒዩተሩ ላይ የሚታየው ግምት ነው፤ የእያንዳንዱ ሰው ቀዳዳ ስፋትና ርዝመት ይለያያልና። ይህ መለኪያ ከሌላቸው ቢያንስ ከመሣሪያው ጋር የቃላት ፈተናው ይደገምልዎት።

ባለሙያው ብዙ ጊዜ መሣሪያውን ከታለመው ትንሽ ዝቅ አድርጎ ይጀምራል፣ በኋላ ደረጃ በደረጃ ከፍ ያደርገዋል። ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ በመጀመሪያው ማስተካከያ ረክቶ ሳይመለስ የቀረ ሰው ለዓመታት በግማሽ ኃይል ሊኖር ይችላል። ሳይቀጠሩ አይውጡ።

7. የመጀመሪያው ሳምንት

መምህርቷ በመጀመሪያው ቀን የሚሉት ቢኖር “ድምፄ ከእንስራ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል” ነው። ሁሉም ማለት ይቻላል ይህን ይላል፤ አንዳንዱ በቀናት ይለምደዋል፣ አንዳንዱ ግን መስተካከል አለበት። የቱ እንደሆነ ራስዎ መለየት ይችላሉ። መሣሪያውን ጆሮዎ ውስጥ እንዳለ ያጥፉትና “ኢ” እና “ኡ” እያሉ ድምፅ ያውጡ። ጠፍቶም እንስራው ካለ ምክንያቱ ጆሮው መታፈኑ ነው፤ ቀዳዳው የሰፋ ቆብ ወይም መግጠሚያ ያስፈልጋል። ሲጠፋ እንስራው ከጠፋና ሲበራ ከተመለሰ ግን ወፍራሙ ድምፅ በዝቷል፤ ያ በኮምፒዩተር ይቀነሳል። ይህን ለይተው የነገሩት ባለሙያ ሥራው በግማሽ ይቀልለታል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ቤት ውስጥ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰው ጋር ያድርጉት፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ከሰዓት ሁለት ሰዓት ያህል። ካልደከመዎት ማውለቅ አያስፈልግም። በየቀኑ ጥቂት ይጨምሩና በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ከእንቅልፍ ተነስተው እስኪተኙ ድረስ ጆሮዎ ላይ ይዋል። ለታክሲ፣ ለማኅበርና ለለቅሶ ብቻ የሚያደርጉት ሰዎች ነገሩን ከከባዱ በኩል ይጀምሩታል፤ አንጎል ቀላሉን ድምፅ ሳይለምድ ጫጫታው ውስጥ ይገባል።

በሦስተኛው ቀን ቡና ይፈላል እንበል። ብረት ምጣዱ ላይ ቡናው ሲንጣጣ ይሰማል። ረከቦቱ ላይ ሲኒዎቹ ሲጋጩ ድምፁ እንደ መርፌ ይወጋል። አንድ ሰው ከፌስታል ውስጥ ዳቦ ሲያወጣ መምህርቷ ይደነግጣሉ፣ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሲመልሱ ማይክሮፎኑን ስለሚነካው ጆሯቸው ሥር ይንኮሻኮሻል። ከጎረቤት ጋር ጉንጭ ለጉንጭ ሲሳሳሙ ደግሞ መሣሪያው ያፏጫል። እነዚህ ድምፆች አዲስ አይደሉም፤ ለዓመታት ሳይሰሟቸው የቀሩ ናቸው። አንጎል የማይጠቅመውን ድምፅ ወደ ኋላ ማድረግን እንደገና መማር አለበት፤ ይህም ሳምንታት ይፈጃል። በስድስተኛው ሳምንት ፌስታሉ ይሰማል፣ ግን አያስደነግጥም።

የሚለመደውንና የማይለመደውን ግን መለየት ያስፈልጋል። “ያስቸግራል” የሚለመድ ነው፤ “ያመኛል” የማይለመድ ነው። ሲሳሳሙ ወይም ጋቢ ሲከናነቡ ማፏጨቱ ተፈጥሮው ነው። ቁጭ ብለው ሲያኝኩ ወይም ሲያወሩ ካፏጨ ግን በጣትዎ ገፋ ያድርጉት፤ ከቆመ ገብቶ አልተቀመጠም ወይም ቆቡ ሰፍቶዎታል። ካልቆመ ጆሮ ውስጥ ኩክ ሊኖር ይችላል። መግጠሚያው ቆዳዎን ካቆሰለው ያውልቁትና ወደ ክሊኒክ ይመልሱት፤ በቢላዋ ወይም በሸካራ ወረቀት አይሞርዱት፤ ትንሽ ከተፋቀ ማፏጨት ይጀምራልና።

8. ከሁለተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት

ደብተር ይያዙ። የት እንደነበሩ፣ ማን ወይም ምን እንደነበረና ምን እንደሆነ ሦስት ነገር ብቻ ይጻፉ። “አልተመቸኝም” የሚል ቃል ባለሙያው ምንም አይነግረውም። መምህርቷ ግን “ቡና ላይ ሲኒ ሲጋጭ አመመኝ፤ የልጅ ልጄ ከአጠገቤ ሆና ስታወራ ግን አሁንም አልገባኝም” ብለው ጻፉ እንበል። ከዚህ ማስታወሻ ባለሙያው ሥራውን ያነባል፦ ቀጭኑ ድምፅ ሲጮህ ይቀነስ፣ ቀጭኑ ድምፅ ሲደክም ግን ከፍ ይበል። መሣሪያው ሁለቱን ለየብቻ ማስተካከል ይችላል። ደብተሩ ባይኖር “ይጮህብኛል” ብለው ሁሉንም ያስቀንሱ ነበር፤ የልጅቷም ድምፅ አብሮ ይጠፋ ነበር።

ሲቀጠሩ “ሁልጊዜ አደርገዋለሁ” ብለው አይሸፍኑ። ብዙዎቹ መሣሪያዎች በቀን ስንት ሰዓት እንደሠሩ ይመዘግባሉ፤ ባለሙያውም ሰዓቱን አይቶ ነው የሚያስተካክለው።

ቤት ውስጥ የሚሠራ ፈተናም አለ። አንድ ሰው አፉን በወረቀት ሸፍኖ ከአንድ ሜትር ርቀት አሥር ቃላት በተለመደ ድምፅ ይጥራ፤ ሠራ፣ ፈራ፣ ሰማ፣ ሸማ፣ ስድስት፣ ስልሳ፣ ሰባ የመሳሰሉትን እያቀላቀለ። መጀመሪያ ያለ መሣሪያ፣ ቀጥሎ ከመሣሪያው ጋር፣ በመጨረሻ ከሦስት ሜትር ይደገም። ውጤቱን በየሳምንቱ ይጻፉ። ከሦስት ሜትር ላይ መውደቁ አያስደንቅ፤ ርቀት በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ድምፅ 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ከማዕድ ቤት ሆኖ መጣራት አሁንም አይሠራም፤ ቤተሰቡ ቀርቦ፣ ፊት ለፊት ሆኖ መናገርን መልመድ አለበት።

በስልክ ሲያወሩ ቀፎውን ጆሮ ቀዳዳዎ ላይ ሳይሆን ከጆሮ በላይ ማይክሮፎኑ ባለበት ያስጠጉት። ሰው በበዛበት ቤት ጫጫታውን ከጀርባዎ አድርገው ይቀመጡ፤ ሁለት ማይክሮፎን ያለው መሣሪያ የሚያጎላው ፊት ለፊት ያለውን ነው። ክረምት ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ በዝናብ ሲመታ ግን ምንም ዓይነት መሣሪያ ንግግርን አያድነውም፤ ያን ጊዜ ጤነኛ ጆሮም አይሰማም።

9. ዕለታዊ ጥገና፣ ድንገት ዝም ካለም

ማታ ሲያወልቁ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ጫፉን በለስላሳ ብሩሽ ወደ ታች አዝቅዝቀው ይቦርሹት፣ አዝቅዝቀው ካልሆነ ኩኩ ወደ ውስጥ ይገባል። የባትሪውን በር ከፍተው እርጥበት መጣጭ ባለበት ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ያሳድሩት። አልኮል አይንካው፤ ሲታጠቡ፣ ፀጉር ሲቀቡና ሽቶ ሲነፉ ይውለቅ። የቀኙ ቀይ፣ የግራው ሰማያዊ ምልክት አለው፤ ሲቀያየሩ ስለማይገጥሙ ብዙ ሰው መሣሪያው የተበላሸ ይመስለዋል። ከጆሮ ጀርባ ያለው ዓይነት ላስቲክ ቱቦው ከሦስት እስከ ስድስት ወር ሲሞላው ይደርቃልና ይቀየር።

ድንገት ዝም ካለ በዚህ ቅደም ተከተል ይፈትሹ። መጀመሪያ ባትሪውን በአዲስ ይቀይሩ። ቀጥሎ የኩክ ማጣሪያውን ይቀይሩ፤ የሞተ የሚመስል መሣሪያ ብዙ ጊዜ በዚህች ትንሽ ነገር ይነሳል። ከዚያ ቱቦው ተጣጥፎ ወይም ውስጡ ላብ ገብቶ እንደሆነ ይዩ። በመጨረሻ መሣሪያውን ወደ ሌላ ሰው ጆሮ ሳያስገቡ መዳፍዎ ውስጥ ጨብጠው ይያዙት፤ ካፏጨ መሣሪያው ይሠራል፣ የተደፈነው የእርስዎ ጆሮ ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ ይየው። ካላፏጨ ወደ ክሊኒኩ ይውሰዱት። ያለቁትን ባትሪዎች ሕፃናት ከማይደርሱበት ያኑሩ፤ ልጅ ከዋጠ ምንም ምልክት ባያሳይም ወዲያው ሆስፒታል ይወሰድ።